የጳጉሜን መስመሮች፦ ትልቅ የሲኤስቪ ፋይል ወደ ዳታቤዝ ሲገባ

የገዋኔን የብዙ ዓመታት ዕለታዊ ዝናብ የያዘ የሲኤስቪ ፋይል ወደ ፖስትግሬስኪውኤል ይገባል እንበል። `COPY` በተለመደው አሠራሩ አንድ መስመር ሲበላሽ ጭነቱን በሙሉ ስለሚሰርዝ፣ መረጃው በቅድሚያ እንደ ተራ ጽሑፍ፣ ከነመስመር ቁጥሩ፣ በመሸጋገሪያ ሠንጠረዥ ይቀመጣል። ፍተሻው የሚካሄደው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈው ከሆነ `2015-13-06`፣ ማለትም ጳጉሜን 6፣ በ`date` ዓይነት ተቀባይነት አያገኝም፤ የመስመር ቁጥሩና ምክንያቱም በስሕተት ሠንጠረዥ ይመዘገባል። ይህ ራሱን የሚያጋልጥ ስሕተት ነው። ይበልጥ የሚያሳስበው `2015-06-05` ነው። የካቲት 5 ቀን 2015 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2023 ሆኖ ሳለ፣ ዳታቤዙ ጁን 5 ቀን 2015 ብሎ በዝምታ ይቀበለዋል። ስለዚህ በስሕተት ዘገባው 13ኛ ወር ሲታይ እነዚያን መስመሮች ብቻ ማረም አይበቃም፤ የፋይሉ ቀኖች በሙሉ መቀየር አለባቸው።

ቀጥሎ መስመሮቹ በ10,000 እየተከፈሉ ወደ ዋናው ሠንጠረዥ ይሻገራሉ። የእያንዳንዱ ክፍል መረጃ፣ የስሕተት መዝገቡና የመጨረሻው መስመር ቁጥር በአንድ ትራንዛክሽን ይጸድቃሉ። መብራት በመካከል ቢጠፋ ሦስቱም ይጸናሉ ወይም ሦስቱም ይቀራሉ፤ ሥራውም ከተመዘገበው ቁጥር ይቀጥላል። ቁጥሩ ለብቻው ቢጻፍ ግን መስመሮች ሊደገሙ ወይም ሊዘለሉ ይችላሉ።