ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጨው፦ የደባርቅ አትክልት አልጫ በየተራው

ከደባርቅ ተነስቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ድብ ባሕር የሚወርድ ሰው ብርዱ ወደ ሙቀት ሲለወጥ ይሰማዋል። የውሃው ለውጥ ግን የሚታወቀው ድስት ሲጣድ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ቁልቁል ሲወረድ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ድንች ደባርቅ ላይ ቶሎ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። የጋለ ዘይት ግን ከፍታ አይነካውም፤ ነጭ ሽንኩርት ሊማሊሞ አናት ላይም ሆነ ግርጌ እኩል ፈጥኖ ያርራል። የቅመሙ ተራ የሚወሰነው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው።

ለአራት ሰው የሚበቃ አትክልት አልጫ እንውሰድ፦ ግማሽ ኪሎ ድንች፣ ሁለት ካሮት፣ የትንሽ ጥቅል ጎመን ግማሽ፣ ሁለት ቀይ ሽንኩርት፣ አምስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያክል ዝንጅብል፣ ትንሽ ዘይት፣ ቁንጥር እርድና አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው።

ብዙ ቤት ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ አብረው በሙቀጫ ይወቀጡና አብረው ይገባሉ። ለጥብስ ይሁን፤ ለአትክልት ግን ለየብቻ መውቀጡ ይሻላል፤ ሁለቱ ለእሳት የሚሰጡት መልስ አንድ አይደለምና። ዝንጅብል ውሃና ቃጫ የበዛበት ስለሆነ መብሰልን ይችላል። ጥሬውን የሚያቃጥለው ነገር በሙቀት እየለዘበ ጣፋጭ ሽታ ወዳለው ይለወጣል። ዘግይቶ ከገባ ግን ጉሮሮ ይፍቃል። ነጭ ሽንኩርት ስኳር አለው፤ ሲወቀጥ ደግሞ ስስ ይሆናል። ዘይት ላይ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከቆየ ቡናማ ሆኖ ይመራል፤ ያ ምሬት ደግሞ ውሃም ቢጨመርበት አይለቅም። ምልክቱ ሽታው ነው፦ ደስ የሚለው መዓዛ እንደወጣ ቀጣዩ ነገር መግባት አለበት። ቀለሙ እስኪለወጥ የጠበቀ ሰው ዘግይቷል።

ነጭ ሽንኩርቱ ከተወቀጠ በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል ይረፍ። ሽታውን የሚፈጥረው ነገር ጥሬው ፍሬ ውስጥ ተዘጋጅቶ አይገኝም። ሲደቅ አንዱ ክፍል ከሌላው ተቀላቅሎ ነው የሚወለደው፤ ወዲያው እሳት ካገኘው ሥራው ይቋረጣል።

እንግዲህ ቀይ ሽንኩርቱ በዘይት ይቁላላ፤ ሲለሰልስ ዝንጅብሉና እርዱ ይግቡ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ከነጭ ሽንኩርቱ ሦስቱ ፍሬ ይጨመርና፣ መዓዛው ሲነሳ ድንቹና ካሮቱ ከአንድ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ጋር ይከተሉት። ውሃው ሙቀቱን ስለሚያበርደው ነጭ ሽንኩርቱ ከማረር ይተርፋል።

ከጨው ግማሹ አሁን ነው የሚገባው። ጨው ወደ ድንች መሀል የሚዘልቀው ቀስ ብሎ ስለሆነ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ የተጨመረበት ድንች ውጩ ጨው ሆኖ ውስጡ አልጫ ይቀራል። ሁሉንም አሁን መጨመርም ስህተት ነው። ጥቅል ጎመኑ ድስቱን ሞልቶ ይገባና እየበሰለ ይቀንሳል፣ ውሃውም ይተናል፤ ገና በሙሉ ድስት የተመጠነ ጨው መጨረሻ ላይ ይበዛል።

ድስቱ ተከድኖ በቀስታ ይንተክተክ። ደባርቅ ላይ እሳቱን ማብዛት ውሃውን ከ91 ዲግሪ አያሳልፈውም፤ ትነቱን ብቻ ያፋጥናል፣ ከዚያ ሥሩ ያርራል። ድንቹ ለሹካ ሊለሰልስ ጥቂት ሲቀረው ጥቅል ጎመኑ ይጨመር። ጎመኑ ከቀነሰ በኋላ መረቁ ይቀመስና የቀረው ጨው በጥቂት በጥቂቱ ይግባ። ድስቱ ሲወርድ የቀሩት ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ተደባልቀው አምስት ደቂቃ ተከድነው ይቆዩ። መጀመሪያ የገባው ጣፋጭነቱን ሰጥቷል፤ ይህኛው ሽታውን ይመልሳል። ሕፃናት የሚበሉት ከሆነ አንድ ፍሬ ይበቃል።

ጨዉን ለሁለት ለመክፈል ሌላም ምክንያት አለ። በደጋው አፈር ያለውን አዮዲን ዝናብ ስለሚያጥበው እንቅርት ደገኛውን ሲያስቸግር ኖሯል። በዚህም የተነሳ የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2011 እ.ኤ.አ. በደንብ ተደንግጓል። አዮዲኑን ረጅም መንተክተክና እርጥበት ይቀንሱታል፤ ዘግይቶ የሚገባው ግማሽ ጨው ግን ብዙ አይንተከተክም። ጨዉን ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃው እንፋሎት ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ።