አነስተኛ ድረ ገጽ ከትልልቆቹ ጋር ሳይፎካከር በፍለጋ የሚገኝበት መንገድ

በአነስተኛ ኢንተርፕራይዝ ተደራጅተው ምርታቸውን ወይም አገልግሎታቸውን ለማስተዋወቅ ድረ ገጽ የከፈቱ ዜጎች ከሚያነሧቸው ጥያቄዎች አንዱ «ድረ ገጻችን በጉግል ሲፈለግ ለምን አይገኝም?» የሚል ነው። ይህን ችግር እንፈታለን የሚሉ ሰዎች «በመጀመሪያው ገጽ አንደኛ እናደርጋችኋለን» በማለት ከኢንተርፕራይዙ አነስተኛ መነሻ ካፒታል ላይ ክፍያ የሚጠይቁበት አጋጣሚም አለ። ይሁን እንጂ አንደኛ ደረጃን በዋስትና ሊሰጥ የሚችል አካል አለመኖሩን ጉግል ራሱ ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባወጣው መመሪያ አስታውቋል። ይህ ጽሑፍ አዲስ ድረ ገጽ ያላቸው ዜጎች የፍለጋ ሐረጎቻቸውን ያለ ክፍያ፣ በራሳቸው አቅም እንዴት መምረጥ እንደሚችሉ ያብራራል።

ሰፊ ቃልና ዝርዝር ሐረግ

ለማሳያ ያህል የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሠራና የሚጠግን፣ ሦስት አባላት ያሉት አንድ ማኅበር እንውሰድ። ማኅበሩ ድረ ገጹን የከፈተው በቅርቡ ሲሆን፣ ያሉት ገጾችም አምስት ብቻ ናቸው። የአባላቱ ፍላጎት አንድ ሰው «ምጣድ» ወይም «የምጣድ ዋጋ» ብሎ ሲፈልግ ድረ ገጻቸው ቀድሞ እንዲታይ ነው።

ይህ ፍላጎት በቅርብ ጊዜ ሊሳካ አይችልም። በእነዚህ ሰፊ ቃላት ቀድመው የሚታዩት ለዓመታት የቆዩ፣ ብዙ ገጾች ያሏቸውና ሌሎች በርካታ ድረ ገጾች የሚጠቅሷቸው የዜናና የሽያጭ ድረ ገጾች ናቸው። የፍለጋ ሥርዓቱ ከሚመዝናቸው ነገሮች አንዱ ከሌሎች ድረ ገጾች የሚመጣ ጥቆማ በመሆኑ፣ ማንም ገና የማያውቀው ድረ ገጽ በዚህ ሚዛን ቀልሎ ይገኛል።

ነገር ግን ሰው ሁሉ «ምጣድ» ብሎ ብቻ አይፈልግም። አንዷ እናት «አዲስ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንዴት ይሟሻል» ብላ ትጽፋለች፤ ሌላው «ምጣዱ መሃሉን ያበስላል ዳሩን አያበስልም» ይላል። እንዲህ ያሉት ዝርዝር ሐረጎች በሙያው አነጋገር «ሎንግ ቴይል»፣ ማለትም «ረጅም ጅራት» ይባላሉ። የፍለጋ ሐረጎች እንደ ተፈላጊነታቸው ብዛት ቢደረደሩ ጥቂቶቹ ከፊት ከፍ ብለው ይቆማሉ፤ የቀሩት እጅግ ብዙ ሐረጎች ደግሞ እያንዳንዳቸው በጥቂት ሰው ብቻ እየተጻፉ እንደ ጅራት ይረዝማሉ። ጉግል እንደሚገልጸው በየቀኑ ከሚቀርቡለት ፍለጋዎች 15 በመቶ ያህሉ ከዚያ በፊት ፈጽሞ ታይተው የማያውቁ ናቸው። ትልልቆቹ ድረ ገጾች ለዚህ ሁሉ ጥያቄ ገጽ አላዘጋጁም። የአነስተኛው ድረ ገጽ ዕድል ያለው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ሐረጉ ከደንበኛው አፍ ይገኛል

የማኅበሩ የመጀመሪያ ገጽ ርእስ «ጥራቱን የጠበቀ ዘመናዊ የእንጀራ መጋገሪያ ቁሳቁስ አምራች» የሚል ነበር እንበል። ይህ አገላለጽ ለጨረታ ሰነድ ይስማማ ይሆናል እንጂ በስልኩ ላይ እንዲህ ብሎ የሚፈልግ ሰው አይኖርም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የራስን አነጋገር ትቶ የደንበኛን አነጋገር መሰብሰብ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር ነው። ለሁለት ሳምንታት ያህል በሱቅ፣ በስልክና በቴሌግራም የሚቀርብ ማንኛውም ጥያቄ ሳይታረምና ሳያጥር ደንበኛው እንደ ተናገረው ይመዘገባል። ከማኅበሩ ደብተር ውስጥ የሚከተሉትን እናገኛለን ብለን እናስብ፦

• አዲስ ምጣድ እንዴት ይሟሻል፣ ስንት ጊዜ ይታሰሳል?
• እንጀራው ለምን ይጣበቃል?
• ምጣዱ ዳሩን ለምን አያበስልም?
• የተሰነጠቀ ሸክላ ብቻውን ይቀየራል?
• የአገር ቤት ምጣድ አሜሪካ ይሠራል?

ቀጥሎ እያንዳንዱ ጥያቄ በፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ በከፊል ይጻፋል። ለምሳሌ «አዲስ ምጣድ» ብለው ሲጽፉ ሳጥኑ ከሥር የሚያቀርባቸው ማሟያዎች በአብዛኛው ሌሎች ሰዎች ከፈለጉት የተወሰዱ ናቸው። ቀድሞ የፈለጉት ነገር ውጤቱን እንዳያዛባ ይህ ሥራ በአሳሹ የግል መስኮት ቢከናወን ይመረጣል። የፍለጋ ብዛት የሚገምቱ መሣሪያዎች ለአማርኛ ዝርዝር ሐረጎች «መረጃ የለም» ወይም ዜሮ ሊያሳዩ ይችላሉ። ይህ ግን መሣሪያው በቂ ናሙና እንዳላገኘ እንጂ ፈላጊ እንደሌለ አያረጋግጥም፤ ጥያቄውን በሱቅ ውስጥ አራት ሰው ከጠየቀ ፈላጊ መኖሩ ታውቋል።

የአጻጻፍ ልዩነትም አብሮ መመዝገብ አለበት። አንዱ «ኤሌክትሪክ» ሲል ሌላው «ኤሌትሪክ» ብሎ ይጽፋል። በሌሎች ሙያዎችም «ፀሐይ»ና «ጸሀይ»፣ «ሥራ»ና «ስራ» በተለያየ ፊደል ይጻፋሉ። የአማርኛ ፊደል ገበታ በስልካቸው የሌላቸው ደግሞ በላቲን ፊደል `mitad` ወይም `mtad` ብለው ይፈልጋሉ። እነዚህ ሁሉ የአንድ ጥያቄ የተለያዩ መልኮች ናቸው።

ገጽ ከመጻፍ በፊት ውጤቱን መመርመር

ሐረጉ ስለ ረዘመ ብቻ ክፍት ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ሙሉ ሐረጉን ፈልጎ በመጀመሪያ የሚታዩትን ውጤቶች አንድ በአንድ ከፍቶ ማንበብ ያስፈልጋል። መልስ የያዙት ገጾች ጥያቄውን በርእሳቸው ጠቅሰው በሚገባ ካብራሩት፣ በዚያ ሐረግ መድከሙ ብዙ አያዋጣም። በአንጻሩ የሚታዩት ስለ ሌላ ጉዳይ የሚናገሩ ገጾች፣ መልስ ያላገኙ የማኅበራዊ ሚዲያ ጥያቄዎች ወይም በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ የሚያልፉ ጽሑፎች ከሆኑ ቦታው ክፍት ነው።

ሌላው መመዘኛ ፈላጊው ደንበኛ ሊሆን መቻሉ ነው። «የአገር ቤት ምጣድ አሜሪካ ይሠራል?» የሚለውን እንመልከት። በአገራችን ምጣዱ የሚሠራው በ220 ቮልት ሲሆን፣ በአሜሪካ የተለመደው የግድግዳ ሶኬት 120 ቮልት ነው። በዚህ ኃይል ላይ የምጣዱ ሽቦ ከመደበኛው ሙቀት አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሰጥም፤ እንጀራም አያበስልም። ማኅበሩ ለዚያ አገር የሚስማማ ምጣድ የማይሠራ ከሆነ ገጹ ቢነበብም ሥራ አያመጣም። «የተሰነጠቀ ሸክላ ብቻውን ይቀየራል?» ብሎ የሚፈልግ ሰው ግን ጥገና የሚያስፈልገው ምጣድ በእጁ አለ። ፈላጊው ጥቂት ቢሆንም ለማኅበሩ የሚጠቅመው ይህ ነው።

ለአንድ ጥያቄ አንድ ገጽ

ማኅበሩ ከዝርዝሩ ማሟሸትን፣ የዳር አለመብሰልንና የሸክላ ቅያሪን መረጠ እንበል። ለእያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ይዘጋጃል። የገጹ ርእስ የደንበኛውን ጥያቄ ይይዛል፤ መልሱም ከመጀመሪያው አንቀጽ ይጀምራል። ስለ ማሟሸት በተዘጋጀው ገጽ ላይ ምጣዱ ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚግል፣ የተፈጨ የጎመን ዘር በጨርቅ እንዴት እንደሚታሽበትና ሸክላው እስኪጠቁርና እስኪለሰልስ ድረስ ይኸው እንዴት እንደሚደጋገም ከፎቶግራፍ ጋር ይገለጻል። የማኅበሩ አባላት በእጃቸው የሠሩት በመሆኑ፣ በሩቅ ሆኖ የሚጽፍ ትልቅ አሳታሚ የማያውቀውን ዝርዝር መስጠት ይችላሉ።

እዚህ ላይ የሚፈጸም አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። «ኤሌክትሪክ» እና «ኤሌትሪክ» ለሚሉት፣ ወይም ለአዲስ አበባ፣ ለአዳማና ለሐዋሳ እየተባለ አንዱን ጽሑፍ ስም ብቻ በመለወጥ ማባዛት ተገቢ አይደለም። ጉግል እንዲህ ያሉትን ገጾች ደንቡን እንደ መጣስ ስለሚቆጥራቸው መላው ድረ ገጽ ሊጎዳ ይችላል። ልዩ ልዩ አጻጻፎችን በአንዱ ገጽ ውስጥ፣ ዐረፍተ ነገሩ በሚፈቅድበት ቦታ መጠቀም በቂ ነው።

ውጤቱን መከታተል

ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች `Google Search Console` የተባለ ነጻ አገልግሎት ይሰጣል። አገልግሎቱ ድረ ገጹ በየትኞቹ ሐረጎች እንደታየ፣ ስንት ጊዜ እንደተከፈተና በአማካይ ስንተኛ ላይ እንደቆመ ያሳያል። ምዝገባው በኢንተርፕራይዙ በራሱ የኢሜይል አድራሻ መከናወን አለበት። በሠራተኛ ወይም ድረ ገጹን በሠራው ባለሙያ አድራሻ ከተመዘገበ፣ ባለሙያው ሲለቅ መረጃውም አብሮት ሊሄድ ይችላል።

ገጾቹ ከወጡ ከሁለት ወር በኋላ ማኅበሩ ሦስት ዓይነት ውጤት ሊያይ ይችላል። የማሟሸቱ ገጽ 140 ጊዜ ታይቶ፣ አማካይ ቦታው 14ኛ ነው እንበል። ይህ የሚያመለክተው ሐረጉ ትክክል መሆኑንና መልሱ መጠናከር እንዳለበት ነው። ስለዚህ በዝርዝሩ ውስጥ የታዩ፣ ነገር ግን በገጹ ላይ ያልተመለሱ ጥያቄዎች ካሉ መልሳቸው ይጨመራል። ሁለተኛው ገጽ በ4ኛ ደረጃ እየታየ የሚከፍተው ካጣ፣ ርእሱ ፈላጊው የጠየቀውን አይናገርም ማለት ሊሆን ስለሚችል ይስተካከላል። ሦስተኛው ጨርሶ ካልታየ በቅድሚያ አድራሻው በ`URL Inspection` ይመረመራል፤ ምናልባት ገጹ በጉግል መዝገብ ውስጥ ገና አልገባም። ገብቶም ከሦስት ወር በኋላ ካልታየ ሐረጉን በሌላ መተካት ይገባል።

በዝርዝሩ ውስጥ የሐረጎቹ ድምር ከጠቅላላው አነስ ብሎ ቢገኝ ግራ መጋባት አያስፈልግም። የፈላጊዎችን ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል በጣም ጥቂት ሰዎች የጻፏቸው ሐረጎች አይዘረዘሩም። ረጃጅሞቹ ሐረጎች ደግሞ በአብዛኛው ከነዚህ ውስጥ በመሆናቸው፣ ከሐረግ ዝርዝሩ ይልቅ የገጹን ጠቅላላ ቁጥር ማየት ይሻላል።

የዚህ አሠራር ወሰን

እያንዳንዱ ዝርዝር ሐረግ የሚያመጣው ሰው ጥቂት ነው፤ በወር አምስት ወይም ዐሥር ሊሆን ይችላል። ከማስታወቂያ በሚገኝ ገቢ ለመተዳደር ለታሰበ ድረ ገጽ ይህ በቂ አይሆንም። ምጣድ ለሚጠግን ማኅበር ግን ከዐሥሩ ሁለቱ ቢደውሉ ሥራ ተገኘ ማለት ነው። በዚህም ምክንያት ስልክ ቁጥርና የሥራ ቦታ አድራሻ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ በግልጽ መቀመጥ አለበት። ድረ ገጹ ለመጣው ደዋይ ምክንያት መሆኑንም ለማወቅ «የት አገኙን?» ብሎ ጠይቆ መልሱን በዚያው ደብተር ላይ መመዝገብ ያስፈልጋል።