«ሰላም ነሽ?» ብሎ ዝም ለሚል ሰው ምን ይመለስለታል?

በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት የምትሠራ ሴት አለች እንበል። ደሴ ያለው የአጎቷ ልጅ በዋትስአፕ «ሰላም ነሽ እህቴ?» ብሎ ይጽፍላታል። እሱ የጻፈው ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው። ወቅቱ ክረምት ከሆነ እሷ ዘንድ ገና ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ሥራ ላይ ናት። ቤቷ ገብታ አረፍ ስትል፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ «ሰላም ነኝ፣ አንተስ?» ትለዋለች። ደሴ ላይ ነግቷል፣ ጠዋት 12 ሰዓት ነው። እሱም ሲነሣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። እሷ ተኝታለች። ንግግሩ እዚያው ላይ ይቆማል። በሳምንቱ እንደገና «ሰላም ነሽ እህቴ?» ይመጣል።

እንዲህ ለወራት ሲቀጥል እሷ «ምን ፈልጎ ነው?» እያለች ትጨነቃለች፤ ቀስ በቀስም ስሙን ስታይ ትሰለቻለች። እሱ ደግሞ «ከሄደች ወዲህ ተለወጠች» ማለት ይጀምራል። ሁለቱም ግን ያደጉበትን ወግ ነው የጠበቁት። ፊት ለፊት ስንገናኝ ጤና፣ ቤተሰብ፣ ሥራ ተጠያይቀን ወደ ጉዳዩ ለመግባት ጥቂት ደቂቃ ይበቃናል። በስልክ ጽሑፍ፣ ያውም በ7 ሰዓት ልዩነት፣ ያው መጠያየቅ ሁለት ቀን ይፈጃል። ጉዳዩ ተራው ሳይደርሰው ይቀራል።

በዚህ ላይ ይሉኝታ አለ። ሰላምታውን እንዳገኘ ችግሩን ቢናገር «ለጥቅሙ ነው የሚፈልገኝ» የምትለው ይመስለዋል። ስለዚህ ጥያቄውን ለሌላ ቀን ያቆየዋል፤ እስከዚያው ዝምድናውን ለማሞቅ ሰላም ይላል። ለመናገር እየዳዳው እንደሆነ አንዳንዴ ከስልኩ ላይ ይታወቃል። «እየጻፈ ነው» የሚለው ምልክት ለረጅም ጊዜ ይታይና ምንም ሳይመጣ ይጠፋል፤ ወይም የተላከው መልእክት ከመነበቡ በፊት ተሰርዞ መሰረዙን የሚገልጸው ጽሑፍ ብቻ ይቀራል። የቤት ኪራይ በሚከፈልበት ወይም ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ሰሞን ሰላምታው ከበዛም ልብ ማለት ይገባል።

«ምን ፈልገህ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነገሩን ያበላሸዋል፤ የሚፈልግ ያፍራል፣ የማይፈልግ ይቀየማል። አንብቦ ዝም ማለትም እንዲሁ ነው፤ ማንበቧን ስልኩ ይነግረዋልና «ንቃኛለች» ይላል። የሚሻለው ሰላምታውንም ለጉዳዩ የሚሆነውንም ቦታ በአንድ መልእክት መስጠት ነው። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ሰላም ወንድሜ፣ ደህና ነኝ፤ ሥራ ላይ ሆኜ ነው የዘገየሁት። እናትህ እንዴት ናቸው? የምታጫውተኝ ነገር ካለ እኔን ሳትጠብቅ እዚሁ ጻፍልኝ፣ ካልሆነም በድምፅ ላክልኝ፤ ከሥራ ስወጣ እሰማዋለሁ። እንዲያው ሰላም ለማለት ከሆነም ደስ ይለኛል።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር መቅረት የለባትም። ጉዳይ የሌለውን ሰው ጉዳይ እንዲፈጥር አታስገድደውም። የድምፅ መልእክቱም ለብዙ ሰው ይቀላል፤ ለመጻፍ የከበደውን ችግር በአፉ ሲናገር ሰላምታውም፣ ማመንታቱም፣ ጥያቄውም አብረው ይደርሳሉ።

ከዚህ በኋላ እውነቱ ይወጣል። እህቱ ታማ ከሆነ፣ የምትችለውን ያህል ትረዳለች፤ ካልቻለችም «በዚህ ወር አልችልም» ብላ በግልጽ ትነግረዋለች። «አይ፣ ድምፅሽ ናፍቆኝ ነው» ካለ ደግሞ ያው መልሱ ነው፤ ደጋግሞ መጠየቅ መመርመር ይሆናል። «እሁድ እደውልልሃለሁ» ብላ ቀን ትቁረጥለት፣ ትደውልለትም። በመሃል የሚመጣው ሰላምታ ሥራዋን የሚያቋርጣት ከሆነ የዚያን ሰው መልእክት ድምፅ ብቻ ታጥፋው። እሱ ይህን አያውቅም፣ ቅርም አይለውም። ሰውየውን ማገድ ግን ለዘመድ የሚሆን አይደለም።

አንድ ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ የከረመ ወዳጅ በድንገት «ሰላም» ብሎ ከጀመረና ጥቂት ቆይቶ አስቸኳይ ገንዘብ ወይም በስልክሽ የደረሰሽን የማረጋገጫ ኮድ ከጠየቀ፣ አካውንቱ ተሰርቆ ሊሆን ይችላል። ኮዱን ለማንም አትስጪ፤ በምታውቂው መደበኛ ቁጥሩ ደውለሽ ድምፁን ስሚ።

ሰላምታ ልከህ መልስ የምትጠብቀው አንተም ብትሆን፣ ሰላምታህን አታሳጥር። ጉዳይህን ግን ከሥሩ ጨምረህ ጻፈው፤ ዘመድህ ከሥራ ወጥታ ስልኳን ስትከፍት በአንድ ጊዜ ታግኘው።