ሁለተኛው ምት

ሰውየው ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ አንድ ጎረምሳ ቢላ መዞ መንገድ ይዘጋበታል እንበል። ጀርባው አጥር ነው፤ መሸሻ የለውም። በያዘው ዱላ ክንዱን ይለዋል፤ ቢላው ይወድቃል። እዚህ ቢያቆም ኖሮ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 78፣ አይቀጣውም ነበር። ጥቃቱ ሕገወጥ ነው፤ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ነው፤ በሌላ መንገድ ማምለጥ አይቻልም፤ የተጠቀመውም ኃይል ከአደጋው ጋር ይመጣጠናል።

ግን አላቆመም። ጎረምሳው ተንበርክኮ ሳለ ጭንቅላቱን ደገመው፤ ሞተ።

ነገሩ የሚከረው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ምት ጊዜ አደጋ ነበር፤ በሁለተኛው ግን ቢላው መሬት ላይ ነው። ዳኛው ጎረምሳው ቢላውን መልሶ ሊያነሳ ይችል እንደነበር፣ ሁለቱ ምቶች በምን ያህል ጊዜ እንደተራራቁ ይጠይቃል። የሐኪም ማስረጃም የቁስሉን ቦታ ይናገራል።

ልኩን አልፏል ከተባለ፣ አንቀጽ 541 እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራት ያስቀጣል፤ ተራ የሰው ግድያ ግን ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ጽኑ እስራት አለው። ልኩን ያለፈው ጥቃቱ በፈጠረበት ድንጋጤና ፍርሃት ከሆነ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ጭራሽ ላይቀጣው ይችላል፤ በአንቀጽ 79። ሕግ አውጪው የደነገጠ ሰው ምቱን በሚዛን እንደማይለካ ማወቁ ተገቢ ይመስለኛል። በማግስቱ ተከታትሎ ለሄደ ግን ይህ አይሠራም፤ ያ በቀል ነው።