ከ«ትሬኒንግ ዴይ» ባሻገር፦ የዴንዘል ዋሽንግተንን ሙሉ የፊልም ዝርዝር ማንበብ

ዴንዘል ዋሽንግተን ሲባል አብዛኛው ተመልካች አፉ ላይ ቀድሞ የሚመጣለት «ትሬኒንግ ዴይ» ነው። ቀጥሎ «ማን ኦን ፋየር»፣ «አሜሪካን ጋንግስተር» እና «ዘ ኢኳላይዘር» ይጠራሉ፤ በዕድሜ ጠና ያለው ደግሞ «ማልኮም ኤክስ»ን ይጨምራል። ቪዲዮ ቤት ካሴት እየተከራየ ያደገውም ሆነ ዛሬ በስልኩ የሚያየው ወጣት ከሞላ ጎደል የሚጠቅሱት እነዚሁኑ ነው። ተዋናዩ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልም ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1981 ሲሆን ከዚያ ወዲህ ከአርባ በላይ ፊልሞች ሠርቷል። ከእነዚህ መካከል ከዝነኞቹ የማይተናነሱ፣ አንዳንዶቹም የሚበልጡ፣ ብዙ ሰው ግን ስማቸውን እንኳ ያልሰማ አሉ።

የማይታወቁበት አንዱ ምክንያት ዝርዝሩ የሚቀርብበት መንገድ ነው። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት IMDb የተዋናዩን ገጽ ሲከፍቱት ከላይ «የሚታወቅባቸው» ብሎ አራት ፊልሞችን ያስቀምጣል። ከዚያ በታች ያለው ዝርዝር የሚጀምረው ከአዲሱ ነው። ስለዚህ የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ ሥራዎች ወደ ታች ይወርዳሉ፤ እዚያ ድረስ የሚዘልቅ ሰውም ጥቂት ነው። የሚሻለው ዝርዝሩን ገልብጦ ከታች ወደ ላይ ማንበብ ነው። በፕሮዲዩሰርነትና በዳይሬክተርነት የተሠሩትን፣ ራሱን ሆኖ የቀረበባቸውን ዝግጅቶችም ለጊዜው ወደ ጎን አድርጎ በተዋናይነት የሠራቸውን ብቻ መያዝ ይበቃል። ከእያንዳንዱ ፊልም ጎን ሁለት ነገር ይጻፍ፦ ዓመተ ምሕረቱ እና የዳይሬክተሩ ስም። ብዙውን ምስጢር የሚፈቱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

እ.ኤ.አ. 1995ን እንውሰድ። በዚያ ዓመት ዴንዘል በሦስት ፊልሞች ታይቷል። «ክሪምሰን ታይድ» በኒውክሌር ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ከጂን ሃክማን ጋር የተፋጠጠበት ሲሆን እስከ ዛሬ ይወደዳል። «ቨርቹኦሲቲ» ከኮምፒውተር ውስጥ የወጣ ነፍሰ ገዳይን የሚያሳድድበት ፊልም ነው፤ ነፍሰ ገዳዩን የተጫወተው ያኔ በሆሊውድ እምብዛም የማይታወቀው ራስል ክሮው ነበር። ሦስተኛው «ዴቭል ኢን ኤ ብሉ ድሬስ» ይባላል። ሲኒማ ቤት የታሰበለትን ያህል ተመልካች አላገኘም፤ ተከታይ ክፍልም ሳይሠራለት ቀረ። ከሦስቱ በጣም የሚመከረው ግን ይኸኛው ነው።

ታሪኩ የሚካሄደው በ1948 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። ኢዚ ሮውሊንስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰ ጥቁር አሜሪካዊ ወታደር ነው። ከአውሮፕላን ፋብሪካ ሥራው ተባሯል፤ የቤቱን ዕዳ የሚከፍልበት ገንዘብ የለውም። በዚህ መሐል አንድ ነጭ ሰው መጥቶ የጠፋች ሴት እንዲያፈላልግለት ይጠይቀዋል። ሴትየዋ ጥቁሮች የሚዝናኑባቸውን ቤቶች ታዘወትራለች፤ ነጩ ሰው ግን እዚያ ገብቶ መጠየቅ አይችልም። ኢዚ መርማሪ አይደለም፣ መሆንም አይፈልግም። ሥራውን የሚቀበለው ለቤቱ ሲል ነው። ፊልሙም ቤቱን ደጋግሞ ያሳየናል፤ ግቢውን፣ በረንዳውን፣ ባለቤቱ እንዴት እንደሚሳሳለት። ለአንድ ጥቁር ሠራተኛ በዚያ ዘመን የራስ ቤት ማለት ምን እንደሆነ ማንም ንግግር ሳያደርግ ይገባናል።

አንድ ትዕይንት ለብቻው መታየት አለበት። ኢዚ ማታ ባሕር ዳር ቆሞ ቀጣሪውን ይጠብቃል። አንዲት ነጭ ወጣት ቀርባ ታዋራዋለች፤ እሱ በጨዋነት ሊያመልጣት ይሞክራል። ወዲያው ጓደኞቿ የሆኑ ወጣቶች ይከቡታል። «ትሬኒንግ ዴይ» ላይ በመንደሩ ያለውን ሰው ሁሉ በድምፁ ብቻ የሚያንቀጠቅጠው ያ ተዋናይ እዚህ እጁን ሰብስቦ፣ ቃሉን መጥኖ፣ መውጫውን በዓይኑ እየፈለገ ይቆማል። ጦር ሜዳ የዋለ ሰው ነው፤ ልጆቹን መምታት ይችላል። ቢመታቸው ምን እንደሚከተል ግን ያውቃል። ፍርሃትና ቁጣ በአንድ ፊት ላይ እንዲህ አብረው የሚታዩበት የዴንዘል ትወና በዝነኞቹ ፊልሞቹ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም።

ታዲያ አንድ ሰው ፊልሙን ሳያይ፣ ከዝርዝሩ ብቻ፣ «ዴቭል ኢን ኤ ብሉ ድሬስ» ከ«ቨርቹኦሲቲ» እንደሚሻል እንዴት ሊገምት ይችላል? ፍንጮች አሉ። ዳይሬክተሩ ካርል ፍራንክሊን ከሦስት ዓመት በፊት «ዋን ፎልስ ሙቭ» በተባለ አነስተኛ የወንጀል ፊልም ሐያሲያንን አስደንቆ ነበር። ታሪኩ የተወሰደው ዋልተር ሞዝሊ በ1990 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው፤ ደራሲው ስለ ኢዚ በተከታታይ መጻፉን ቀጥሏል። የኢዚን አደገኛ ጓደኛ ማውስን የተጫወተው ዶን ቺድል ደግሞ በዚህ ሚናው የሎስ አንጀለስ ሐያሲያን ማኅበርን የረዳት ተዋናይነት ሽልማት አግኝቷል። አንድ ፊልም ገበያ ሳይቀናው ቀርቶ በውስጡ ያለ ሌላ ተዋናይ ከተሸለመ፣ ቆም ብሎ ማየት ይገባል።

የዳይሬክተሮቹ ስም ከየፊልሙ ጎን ሲጻፍ ሌላም ነገር ብቅ ይላል፤ የሚደጋገሙት። ቶኒ ስኮት፣ ስፓይክ ሊ እና አንትዋን ፉኳ እያንዳንዳቸው ከዴንዘል ጋር አምስት አምስት ፊልም ሠርተዋል። ከስፓይክ ሊ ጋር ከሠራቸው «ማልኮም ኤክስ» እና «ኢንሳይድ ማን» ይታወቃሉ። የ1998ቱ «ሂ ጎት ጌም» ግን ብዙ ጊዜ ይታለፋል። እዚያ ዴንዘል ሚስቱን በመግደል የታሰረ አባት ነው። በቅርጫት ኳስ ዝነኛ የሆነውን ልጁን አገረ ገዥው የሚደግፉት ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ ያግባባ ዘንድ ለአጭር ጊዜ ከእስር ይወጣል። ልጁ አባቱን ማየት አይፈልግም። ልጁን የተጫወተው ሬይ አለን በሙያው ተዋናይ ሳይሆን የኤንቢኤ ተጫዋች ነበር።

ሁለት ጊዜ ብቻ የተመለሱትም ሊታለፉ አይገባም። ካርል ፍራንክሊን በ2003 «አውት ኦቭ ታይም»ን ሠርቷል። የአንዲት ትንሽ የፍሎሪዳ ከተማ ፖሊስ አዛዥ በግድያ የሚያስጠረጥረው ማስረጃ ሁሉ ወደ ራሱ እያመለከተ ይመጣል፤ ምርመራውን የምትመራው ደግሞ ልትፈታው ያለችው ሚስቱ ናት። የእሱ ቁጥር ያለበት የስልክ ጥሪ ዝርዝር በፋክስ ሲመጣ ወረቀቱን ከሌሎች ቀድሞ ለመያዝ የሚያደርገው ሩጫ ትንፋሽ ያሳጥራል። ኖርማን ጁዊሰንም ዴንዘልን በ1999 «ዘ ሃሪኬን» ላይ ከማሠራቱ ከ15 ዓመት በፊት «ኤ ሶልጀርስ ስቶሪ» ላይ አሠርቶት ነበር። ይህ ፊልም በጦርነቱ ዘመን ሉዊዚያና ውስጥ ስለተገደለ ጥቁር ሳጅን ነው። ዴንዘል መሪ ተዋናይ አይደለም፤ ከወታደሮቹ አንዱ ነው። ገጸ ባሕርዩን ግን ቀደም ሲል መድረክ ላይ ስለተጫወተው ያንቀልቅለዋል ማለት አይቻልም፤ በወጣትነቱም አጥብቆ ይዞታል።

ሦስተኛው ፍንጭ ከታላላቆቹ ፊልሞች ጎንና ጎን ያሉት ዓመታት ናቸው። በ1987ቱ «ክራይ ፍሪደም» እና በ1989ኙ «ግሎሪ» መካከል «ፎር ኩዊን ኤንድ ካንትሪ» የሚባል የእንግሊዝ ፊልም አለ። ዴንዘል ለእንግሊዝ የተዋጋ፣ የትውልድ አገሩ ሴንት ሉሲያ የሆነ ወታደር ነው። ወደ ለንደን ሲመለስ ሕጉ በመለወጡ ዜግነቱ አጠያያቂ እንደሆነ ይነገረዋል።

ከ«ማልኮም ኤክስ» ጥቂት ቀደም ብሎ ደግሞ «ሚሲሲፒ ማሳላ» ይገኛል፤ የ1991 ሥራ ነው። ዳይሬክተሯ ሚራ ናየር ታሪኩን የምትጀምረው በ1972 ካምፓላ ውስጥ፣ ኢዲ አሚን እስያውያን በ90 ቀን ውስጥ ዩጋንዳን ለቀው እንዲወጡ ባዘዘበት ወቅት ነው። አንድ የሕንድ ዝርያ ያለው ጠበቃ ከተወለደበት አገር ቤተሰቡን ይዞ ይወጣል፤ ዓመታት ካለፉ በኋላም ሚሲሲፒ ሆኖ ስለተወረሰበት ቤት ለዩጋንዳ መንግሥት አቤቱታ መጻፉን አላቆመም። ሴት ልጁ ምንጣፍ በማጽዳት የሚተዳደር ጥቁር አሜሪካዊ ትወዳለች፤ እሱ ዴንዘል ነው። ሁለቱም ወገን በቀለም ተበድሏል፤ ፍቅሩን ግን ሁለቱም ወገን አይቀበለውም። ተዋናዩ ሽጉጥ ሳይዝ፣ ዩኒፎርም ሳይለብስ፣ እየሳቀና እያፈረ የሚታይበት ሚና ነው። ከአገሩ ርቆ የተወውን ቤት ለሚያስብ ምሥራቅ አፍሪካዊ ደግሞ የአባትየው ታሪክ ብቻውን ፊልሙን ለማየት በቂ ነው።

ይህ አነባበብ ገደብ አለው። ዝርዝሩ የሚናውን ስፋት አይናገርም። «ክራይ ፍሪደም» ላይ ስቲቭ ቢኮን የተጫወተው ዴንዘል ለመጀመሪያ ጊዜ ለኦስካር ቢታጭም ቢኮ የሚሞተው ፊልሙ ሳያልቅ ነው፤ የቀረው ክፍል የጋዜጠኛው የዶናልድ ዉድስ ታሪክ ነው። እሱን ብቻ ፈልጎ የገባ ሰው ቅር ሊለው ስለሚችል የተዋንያኑን ቅደም ተከተል አስቀድሞ ማየት ይጠቅማል። ያልታወቀ ሁሉም ዕንቁ አይደለም። የመጀመሪያ ፊልሙ «ካርበን ኮፒ» እና የ1990ው «ሃርት ኮንዲሽን» ከተዋናዩ ጉጉት ውጪ ብዙ የሚሰጡት ነገር የላቸውም። ፊልም ሲፈለግም ከርዕሱ ጋር ዓመቱን መጨመር ያስፈልጋል፤ «ግሎሪ»ን ወይም «አውት ኦቭ ታይም»ን የመሰሉ ርዕሶች ለሌሎች ፊልሞችም ተሰጥተዋልና።

መጀመር ለሚፈልግ አንባቢ «ዴቭል ኢን ኤ ብሉ ድሬስ» ይቅደም። እሱን የወደደ ዳይሬክተሩን ተከትሎ ወደ «አውት ኦቭ ታይም»፣ ከዚያም ዴንዘል ወደሌለበት «ዋን ፎልስ ሙቭ» ይሂድ። ከወንጀል ታሪክ ይልቅ የሰው ኑሮ የሚስበው በ«ሚሲሲፒ ማሳላ» ጀምሮ «ሂ ጎት ጌም»ን ያስከትል። «ቨርቹኦሲቲ» ሌላው ሁሉ ታይቶ እስኪያልቅ ቢቆይ የሚቀር ነገር የለም።