«ሙቅ ውሃ አለ» ብለው ሲሄዱ

ሥራዬ በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው የሚኖሩ ወገኖቻችን ከአከራዮቻቸው ጋር ሲነጋገሩ ማስተርጎምና ደብዳቤ ማርቀቅ ነው። ብርዱ ሲጠና የውሃ ማሞቂያ አቤቱታ ይበዛል። ማሞቂያው ጭራሽ ከሞተ ነገሩ አያከራክርም፤ የመጣው ሰው ቧንቧውን ከፍቶ በእጁ ያየዋል። የሚያከራክረው ግማሹ ሠርቶ ግማሹ ሲሞት ነው። አንዲት እናት ይዛልኝ የመጣችው ጉዳይ እንዲህ ያለ ነበር።

ሌሊት ሌሊት አረጋውያንን ትንከባከባለች፤ ከትንሽ ልጇ ጋር አንድ መኝታ ክፍል ባለው አፓርታማ ትኖራለች። «ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ መጡ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሙቅ ውሃ አለ ብለውኝ ሄዱ» አለችኝ። በዘመድ እርዳታ ያስጻፈችውንም ደብዳቤ አሳየችኝ። ከረጅም ሰላምታ በኋላ ውሃው ከብዙ ጊዜ ጀምሮ እንደማይሞቅ፣ ልጇን ብርድ እንደመታው፣ እሷም ሁልጊዜ ኪራይ በሰዓቱ እንደምትከፍል ይናገርና «እባካችሁ ተባበሩኝ» ብሎ ያበቃል። አንድም ሐሰት የለበትም። ነገር ግን ደብዳቤው የሚደርሰው የሕንፃው ማኔጅመንት ቢሮ ውስጥ «ሠራተኛው ሄዶ አይቷል፣ ውሃው ይሞቃል» የሚል መዝገብ አስቀድሞ አለ። «አይሞቅም» የሚል ቃል ብቻውን ያንን መዝገብ አያፈርሰውም።

ስለዚህ ጠየቅኋት፤ ውሃው ገና ሲከፈት ነው ቀዝቃዛ የሚሆነው ወይስ ቆይቶ?

«መጀመሪያማ ያቃጥላል፤ ልጁን ሳሙና ከቀባሁት በኋላ ነው የሚከዳኝ።»

በዚህ አካባቢ በብዙ አፓርታማዎች ጓዳ ውስጥ የሚቆመው የኤሌክትሪክ ቦይለር ብዙውን ጊዜ ሁለት ሬዚስታንስ አለው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይሠሩም። መጀመሪያ የላይኛው የበርሜሉን ጫፍ ያሞቃል፤ እዚያ ያለው ውሃ በቂ ሙቀት ሲያገኝ ቴርሞስታቱ ኃይሉን ወደ ታችኛው ያዞራል። አብዛኛውን ውሃ የሚያሞቀው ታችኛው ነው። የላይኛው ሲቃጠል ሙቅ ውሃ ጨርሶ ይጠፋል። የታችኛው ሲቃጠል ግን ከላይ ያለው ጥቂት ውሃ እንደ ወትሮው ይሞቃል፤ ቧንቧውም የሚቀዳው ከላይ ስለሆነ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቃጥል ውሃ ይወርዳል፣ ከዚያ ድንገት ይቀዘቅዛል። ቀን እሷ ተኝታ ውሃ ሳይቀዳ የቆየ ቦይለር ጫፉ ሞልቶ ሞቆ ይጠብቃል። ሠራተኛው መጥቶ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ለአንድ ደቂቃ ቢከፍት ሙቅ ውሃ ያገኛል፤ ያየውንም ይጽፋል። እሱም አልዋሸም።

ይህን ካወቅን ዘንዳ «የታችኛው ሬዚስታንስ ተቃጥሏል» ብለን ለምን አንጽፍም? ምክንያቱም እኛ ከፍተን አላየነውም፤ ልንከፍተውም አይገባም፤ ሽፋኑ ሥር ያለው የ240 ቮልት ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላል። ደግሞም ጥፋቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ቀዝቃዛውን ውሃ ወደ በርሜሉ ታች የሚያወርደው ቱቦ ሲሰበር ቀዝቃዛው ከላይ ካለው ሙቅ ጋር ይቀላቀላል፤ ያኔ ውሃው ከመጀመሪያው ለብ ይላል። ምርመራችን ከተሳሳተ ማኔጅመንቱ የሚመልሰው ለተሳሳተው ምርመራ ነው። ተከራይ የሚመሰክረው ያየውን ነው።

ያየችው ደግሞ ሊለካ ይችላል። የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ገዝታ፣ ሌላ ቧንቧ ሳትከፍት፣ የመታጠቢያ ገንዳውን የሙቅ ውሃ ብቻ ለቅቃ እንድትለካ ነገርኳት። ቴርሞሜትሩና የስልኳ ሰዓት አንድ ላይ በፎቶ ተነሡ። ከዚያ በኋላ የጻፍነው ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ፍሬ ነገሩ በአማርኛ ይህ ነው፦

«ጉዳዩ፦ የተበላሸ የውሃ ማሞቂያ እንዲጠገን ስለመጠየቅ። ጥር 6 በስልክ አመለከትኩ። ሠራተኛ ጥር 8 እና ጥር 12 መጥቶ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍቶ ሄደ፤ ጥገና አልተደረገም። ጥር 13 ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የገንዳውን ሙቅ ውሃ ብቻ ከፍቼ ለካሁ። በሁለተኛው ደቂቃ 118 ዲግሪ ፋራናይት፣ በስድስተኛው ደቂቃ 66 ሆነ። ተመልሶ ለመሞቅ ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደ። በማግስቱ ጠዋት ስለካው ተመሳሳይ ሆነ። ቤት ውስጥ ሕፃን ልጅ አለ፤ ውሃ በምድጃ እያሞቅሁ ነው የማጥበው። ቴክኒሻኑ የገንዳውን ሙቅ ውሃ ለ10 ደቂቃ ለቅቆ እንዲፈትሽና ማሞቂያው እስከ ጥር 21 እንዲጠገን እጠይቃለሁ። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ በማንኛውም ቀን መግባት ትችላላችሁ። ፎቶዎቹ ተያይዘዋል።»

(ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 118 ፋራናይት ወደ 48 ሴንቲግሬድ፣ 66 ደግሞ ወደ 19 ይሆናል።)

ከዚህ ሁሉ ዋናው ሥራ የሠራው «ለ10 ደቂቃ ለቅቆ እንዲፈትሽ» የሚለው ነው። ሦስተኛው ሰው እንደ ሁለቱ አንድ ደቂቃ ከፍቶ እንዳይመለስ የከለከለው እሱ ነው። የምድጃውን ነገር ያስገባሁት ለማሳዘን አይደለም። የፈላ ውሃ ተሸክሞ ሕፃን ባለበት ቤት መመላለስ አደጋ ነው፤ አከራዩ አደጋውን ማወቁ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት።

ደብዳቤው ወደየት ይላክ? የብዙዎቻችን ልማድ ቢሮ ላለችው ልጅ በእጅ መስጠት ነው። ሊዙ ውስጥ ግን ማስታወቂያ የሚላክበት አድራሻ ይጠቀሳል፤ ወደዚያ በሰርቲፋይድ ሜይል፣ ከመድረሻ ማረጋገጫ ካርዱ ጋር፣ ከፖስታ ቤት ይላካል። የሜሪላንድ ሕግ ተከራይ ለአከራዩ ጉድለቱን ከሚያሳውቅባቸው መንገዶች አንዱ አድርጎ በግልጽ የሚጠቅሰው ይህን ነው። አከራዩ ከዚያ በኋላ ለመጠገን ተገቢ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ከ30 ቀን በላይ ከቆየ ሕጉ መዘግየቱ ተገቢ አይደለም ብሎ ይነሣል፤ ተቃራኒውን ማስረዳት የአከራዩ ነው።

እዚህ ላይ የምፈራው ነገር አለ። ሰው ሲናደድ «እንግዲያው ኪራይ አልከፍልም» ይላል። በራሱ ፈቃድ ያቆመውን ተከራይ አከራዩ ኪራይ ባለመክፈል ይከሰዋል፤ የማሞቂያው ጉዳይ ተረስቶ የቤቱ ጉዳይ ይሆናል። ሕጉ የሚያውቀው መንገድ ሌላ ነው፤ ዲስትሪክት ኮርት ማመልከትና ኪራዩን ለአከራዩ ሳይሆን ለፍርድ ቤቱ ማስቀመጥ። የሙቅ ውሃ መጥፋት በስም ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ነው። ዳኛው ደብዳቤው መቼ እንደደረሰ ይጠይቃል፤ ካርዱ ያኔ ይወጣል። ከዚያ በፊትም በሞንትጎመሪ ካውንቲ 311 ደውሎ የቤት ተቆጣጣሪ እንዲመጣ መጠየቅ ይቻላል። «ካመለከትኩ ያስወጡኛል» የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ አቤት ስላለ ብቻ ተከራይን መበቀል በሕግ የተከለከለ ነው።

የእሷ ጉዳይ ፍርድ ቤት አልደረሰም። ካርዱ ተፈርሞ በተመለሰ በሦስተኛው ቀን ቴክኒሻን መጥቶ ገንዳውን ለቀቀ፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ በዓይኑ አየ፤ ኃይሉን አጥፍቶ ሬዚስታንሶቹን ለካና የታችኛውን ቀየረ። የዚያን ዕለት ማታ በዚያው ቴርሞሜትር፣ በዚያው ገንዳ ለካች፤ በስድስተኛው ደቂቃም 117 ነበር። ይህንንም ጽፈን የተጠገነበትን ቀን፣ የተለወጠውን ዕቃና አዲሱን ልኬት ለማኔጅመንቱ ላክን፤ ቀሪው ግልባጭ ከሊዟ ጋር ተቀመጠ።