ቀኑ እየታወቀ የሚረሳ ሥራ

የባንክ ድረ ገጽ ሲከፈት ብሮውዘሩ አስቀድሞ የሚመረምረው የድረ ገጹን ዲጂታል ሰርተፊኬት ነው። ሰርተፊኬቱ የድረ ገጹን ስም፣ ማን እንደሰጠው፣ እስከ መቼ እንደሚያገለግል ይናገራል። የአገልግሎት ጊዜው በአንዲት ሰከንድ ካለፈ ተጠቃሚው የሚያየው የማስጠንቀቂያ ገጽ ነው፤ የስልክ መተግበሪያ ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጭራሹን አልገናኝም ይላል። ሰርቨሩ አልተበላሸም፣ መብራት አልጠፋም፤ ያለፈው ቀኑ ብቻ ነው። ያ ቀን ደግሞ ሰርተፊኬቱ ከተሰጠበት ሰዓት ጀምሮ በላዩ ላይ ተጽፎ የኖረ ነው።

በየጊዜው የሚመላለሱ የአይቲ ሥራዎች ክፉ ጠባይ ይኸው ነው። ሥራው ራሱ ቀላል ነው፤ ሰርተፊኬት ማሳደስ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፣ ወርሃዊ ፓች መጫንም የታወቀ አሠራር አለው። ችግሩ ሳይሠራ መቅረቱ ለማንም አለመታየቱ ነው።

ይህን በግልጽ ያሳየው በአሜሪካ የሰዎችን የብድር ታሪክ በሚመዘግበው በኢኩፋክስ እ.ኤ.አ. በ2017 የደረሰው ጥቃት ነው። አፓቼ ስትረትስ በተባለው ሶፍትዌር ላይ የተገኘው ቀዳዳ መድፈኛው በመጋቢት መጀመሪያ ወጣ። የኩባንያው የደኅንነት ክፍልም ፓቹ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲጫን በኢሜይል አሳሰበ። የኢሜይሉ ተቀባዮች ዝርዝር ግን ያረጀ ስለነበር መልእክቱ ሥራው ለሚመለከታቸው ሰዎች አልደረሰም፤ ኋላ የተደረገው ፍተሻም ቀዳዳውን አላገኘውም። ሰርጎ ገቦቹ በግንቦት ገብተው መረጃ ማውጣት ጀመሩ። ይህን ማየት የነበረበት የኔትወርክ መመርመሪያ መሣሪያም ሰርተፊኬቱ ጊዜው አልፎበት ስለነበር የተመሰጠረውን ትራፊክ ሳያይ ያሳልፍ ነበር። ሐምሌ 29 ቀን ሰርተፊኬቱ ሲተካ እንግዳው ትራፊክ በዚያው ዕለት ታየ። እስከዚያ ድረስ ግን ወደ 147 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው የግል መረጃ ተጋልጧል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ማሳሰቢያው ተልኮ እንደነበረ ነው። ማስታወስና መከታተል አንድ አይደሉም። ማሳሰቢያ አንድ ጊዜ ተልኮ ያልፋል፤ ክትትል ግን ሥራው እስኪያልቅ ድረስ «አልተሠራም» እያለ ፊት ለፊት መቆም አለበት። ስለዚህ የክትትል መዝገብ ከቀኑ ባሻገር ሌሎች ነገሮችንም መያዝ ይኖርበታል፦ ሰርተፊኬቱ የትኛው ሰርቨር ላይ እንዳለ፣ ከየት እንደተገዛ፣ የግዢውን አካውንት ማን እንደሚከፍት፣ ተጠሪውና ተተኪው እነማን እንደሆኑ። ተጠሪው በሰው ስም ብቻ ሲጻፍ ሰውየው ሥራ የለቀቀ ዕለት መዝገቡም አብሮት ይለቃል። በሥራ መደብ ተጽፎ፣ ማሳሰቢያው ለክፍሉ የጋራ ኢሜይል ሲላክ ግን የሰው መቀያየር አያፈርሰውም።

የአንድ ሰርተፊኬት ጉዞ ነገሩን ያስረዳል። አዲስ አበባ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት የድረ ገጹን ሰርተፊኬት የሚከተለውን ትእዛዝ ሰጥቶ ጠየቀ እንበል፦

```
openssl s_client -connect example.com:443 -servername example.com </dev/null | openssl x509 -noout -enddate
```

መልሱ `notAfter=Sep 10 23:59:59 2026 GMT` ቢሆን፣ ሰዓቱ የግሪንዊች ስለሆነ በኢትዮጵያ ሦስት ሰዓት ይጨመርበታል። ስለዚህ የሚያበቃው ለመስከረም 1 ቀን 2019 ዓ.ም. አጥቢያ ልክ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ማለዳ የሚነሳው ተጠቃሚ ድረ ገጹን የሚያገኘው ተዘግቶ ነው፤ ቀኑ ዕንቁጣጣሽ ነውና ቢሮ ማንም የለም። የሚያበቃበትን ቀን ብቻ በማስታወሻ ላይ መጻፍ የማይበጀው ለዚህ ነው። መዝገቡ ሥራውን መክፈት ያለበት ከ30 ቀን በፊት፣ ነሐሴ 6 ነው። የግዢ ፊርማ ሳምንት ቢፈጅ፣ ሰርተፊኬት ሰጪው ማረጋገጫ ቢጠይቅ እንኳ ከጳጉሜን በፊት ያልቃል። ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሥራው ካልተዘጋ ጉዳዩ ከባለሙያው አልፎ ወደ ኃላፊው ይሄዳል።

የሚዘጋውም «ተሠርቷል» በሚል ቃል መሆን የለበትም። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ስሕተት አዲሱ ሰርተፊኬት ሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ የድር አገልግሎቱ ግን እንደገና ሳይጫን መቅረቱ ነው። ፋይሉ አዲስ ነው፤ ለተጠቃሚው የሚሰጠው ግን ቀድሞ ማህደረ ትውስታ ላይ የተጫነው አሮጌው ነው። ስለዚህ ያው ትእዛዝ ከውጭ ካለ ኮምፒውተር ተሰጥቶ፣ አዲሱ ቀን የታየበት መልስ ከሥራው መዝገብ ጋር መያያዝ አለበት። የሚቀጥለው ዙር የሚቆጠረውም ከዚህ ከአዲሱ ቀን ነው።

ይህ ሁሉ በእጅ የሚሠራበት ዘመን እያጠረ ነው። የሰርተፊኬት ሰጪዎችና የብሮውዘር አምራቾች ማኅበር ባወጣው ደንብ መሠረት 398 ቀን የነበረው ከፍተኛው የአገልግሎት ዘመን ከመጋቢት 2026 ጀምሮ ወደ 200፣ በ2027 ወደ 100፣ በ2029 ደግሞ ወደ 47 ቀን ይወርዳል፤ ዓመታቱ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። በ47 ቀን አንዴ በእጅ ማሳደስ የትም ስለማያደርስ ሥራውን እንደ ሰርትቦት ላለ ፕሮግራም መስጠት ግድ ነው። ነገር ግን ፕሮግራሙም ዝም ብሎ ሊቆም ይችላል። በነጻ ሰርተፊኬት የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት ደግሞ የማብቂያ ማሳሰቢያ ኢሜይል መላኩን በ2025 አቁሟል። ያኔ መዝገቡ የሚጠብቀው ማሳደሱን መሆኑ ይቀርና ማሳደሱ በርግጥ መካሄዱን ይሆናል።

ወርሃዊ ፓች ሌላ ጠባይ አለው፤ ባይሠራ በማግስቱ የሚዘጋ ነገር የለም። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ ፓች የሚያወጣው በየወሩ በሁለተኛው ማክሰኞ ነው፤ በኢትዮጵያ ሰዓት ምሽት ስለሚሆን ሥራው የሚጀመረው ረቡዕ ጠዋት ነው። ይህን በካሌንደር ላይ «በየወሩ ሁለተኛው ረቡዕ» ብሎ የሚሞላ ሰው ጥቂት አይደለም። ወሩ ረቡዕ ሲጀምር ግን ይህ ይስታል፦ በሐምሌ 2026 ሁለተኛው ረቡዕ 8 ቀን ላይ ሲውል ሁለተኛው ማክሰኞ 14 ነው። ሥራው ፓቹ ሳይወጣ ይከፈታል፣ የሚጫን ነገር ስላልተገኘ ይዘጋል፣ ወሩም እንዲሁ ያልፋል። ትክክለኛው ደንብ ከሁለተኛው ማክሰኞ አንድ ቀን ጨምሮ መቁጠር ነው።

የፓች ወር መዘጋት ያለበት በቆጠራ ነው። የፓች መጫኛው ሪፖርት 57 ሰርቨሮችን ዘርዝሮ ሁሉም ተጭኖላቸዋል ቢል፣ የንብረት መዝገቡ ላይ ያሉት ግን 60 ቢሆኑ፣ የወሩ ዋና ጉዳይ ሦስቱ ናቸው። በላያቸው ያለው ሪፖርት ላኪ ፕሮግራም ስለቆመ ከዝርዝሩ ጠፍተዋል እንጂ አልዳኑም። ፓች ወርዶላቸው እንደገና ያልተነሡ ሰርቨሮችም ከእነዚሁ ጋር ይቆጠራሉ። በሆነ ምክንያት የሚዘለል ሰርቨር ካለ ምክንያቱ፣ የፈቀደው ሰውና ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍለታል፤ ማብቂያ የሌለው ፈቃድ ሰርቨሩን ለዘለቄታው ከክትትል ያወጣዋል።

የቀረው ጠባቂውን መጠበቅ ነው። በየሌሊቱ ቀኖችን የሚፈትሸው ፕሮግራም ችግር ሲያገኝ ብቻ የሚናገር ከሆነ፣ እሱ ራሱ የሞተ ዕለት ዝምታው እንደ ጤና ይቆጠራል። ስለዚህ በየቀኑ ሥራውን ሲጨርስ ሌላ ማሽን ላይ ላለ ተቆጣጣሪ «አለሁ» እንዲል ይደረጋል፤ አንድ ቀን ድምፁ ከጠፋ ተቆጣጣሪው ተረኛውን ይጠራል። በየሦስት ወሩ ደግሞ ሊያበቃ ጥቂት ቀን የቀረው የሙከራ ሰርተፊኬት ሆን ተብሎ ይቀመጥና ማንቂያው ተረኛው ስልክ ላይ እስኪደርስ ድረስ ይጠበቃል።